ለኢትዮጵያ የማይሠራ አፖስቲል

እኔና ባለቤቴ የተጋባነው ሜሪላንድ፣ ሮክቪል ነው። በ2021 አዲስ አበባ ለሚገኝ የቤት ጉዳይ የጋብቻ ማስረጃ ተጠየቅን። የራሱን ወደ ጀርመን የላከ ጓደኛዬን ባማክረው፣ «አፖስቲል አስደርግና ላከው፣ አለቀ» አለኝ፤ ሰነዱ በሌላ አገር እንዲታመን የሚለጠፍበትን የማረጋገጫ ወረቀት ማለቱ ነው።

ከፍርድ ቤቱ ጸሐፊ የተፈረመበት ቅጂ አወጣሁና አናፖሊስ ላለው የስቴቱ ሴክሬታሪ ቢሮ ከ5 ዶላር ጋር ላክሁ። ደብዳቤዬ ላይ «አፖስቲል» ብዬ ጻፍኩ እንጂ ወረቀቱ የሚሄድበትን አገር አልጠቀስኩም። የጠየቅሁት መጣልኝ፤ በፈረንሳይኛ አርዕስት የጀመረ፣ 10 ተራ ቁጥሮች የተደረደሩበት አራት ማዕዘን ሣጥን። ደስ ብሎኝ ለኢትዮጵያ ኤምባሲ ብደውል፣ ልጅቷ «ወንድሜ፣ እሱ ለእኛ አይሠራም፤ የስቴት ዲፓርትመንት ማረጋገጫ ያስፈልገዋል» አለችኝ፤ የአሜሪካን ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ማለቷ ነው።

ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። አፖስቲል በ1961 በሄግ ስምምነት የመጣ አሠራር ነው። አባል አገሮች አንዱ የሌላውን ማኅተም ለመቀበል ስለተስማሙ፣ አንድ ወረቀት ከተለጠፈ ኤምባሲ መሄድ አያስፈልግም። ጀርመን አባል ናት፤ ኢትዮጵያ ግን ያኔ አልነበረችም። አባል ላልሆነ አገር ማኅተሙ እየተቀባበለ መሄድ አለበት። አዲስ አበባ ያለው ባለሥልጣን የሮክቪልን ጸሐፊ ፊርማ ከየት ያውቀዋል? የሚያውቀው የራሱን ኤምባሲ ነው። ኤምባሲው ስቴት ዲፓርትመንትን፣ ስቴት ዲፓርትመንት ሜሪላንድን፣ ሜሪላንድ ደግሞ ጸሐፊውን ያውቃል። በሁለቱም መንገድ ቢሆን የሚረጋገጠው ፊርማውና ማኅተሙ ብቻ ነው፤ ስም ተሳስቶ ከተጻፈ ስሕተቱም አብሮ ይታተምበታል።

ስለዚህ ከዜሮ ጀመርኩ። አዲስ ቅጂ አውጥቼ ለአናፖሊስ «ለኢትዮጵያ» ብዬ በግልጽ ጻፍኩ፤ በአፖስቲሉ ፋንታ ተራ የማረጋገጫ ገጽ መጣ። ከዚያ DS-4194 የሚባለውን ቅጽ ሞልቼ፣ 20 ዶላርና አድራሻዬ ያለበት የመመለሻ ፖስታ ጨምሬ ለስቴት ዲፓርትመንት ላክሁ። እሱ ሲመለስ ወደ ዋሽንግተኑ ኤምባሲ፣ በመጨረሻም አዲስ አበባ ያለችው እህቴ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ወስዳ የኤምባሲውን ማኅተም አስረጋገጠች።

መሐል ላይ ልሳሳት የነበረው ነገር አለ። ኮፒ ለማድረግ ብዬ ገጾቹን ያያያዘውን ስቴፕል መንቀል ስጀምር ባለቤቴ እጄን ያዘችኝ። ስቴፕሉ ከተነቀለ የማረጋገጫው ገጽ የየትኛው ሰነድ እንደሆነ መለየት ስለማይቻል፣ ወረቀቱ ዋጋ ያጣል። ገጾቹን እያጠፍኩ በስልክ ፎቶ አነሳኋቸው።

ትርጉሙን ደግሞ እንኳንም አላስቸኮልኩት። እህቴ ወደ አማርኛ ያስተረጎመችው ሁሉም ማኅተም ካለቀ በኋላ ስለነበር፣ ማኅተሞቹም አብረው ተተረጎሙ። የመጀመሪያው አፖስቲል አሁንም መሳቢያዬ ውስጥ አለ፤ ጀርመን የምሄድ ከሆነ አወጣዋለሁ።