አጓቱን የቀቀልኩበት ቅዳሜ

የምሠራው ሐዋሳ ውስጥ፣ ከሐይቁ ብዙም ሳይርቅ፣ ጂም አጠገብ ያለች ትንሽ ቁርስ ቤት ነው። ማድ ቤቱ ውስጥ ሁለት ነን። እትዬ ጨጨብሳውን፣ ፉሉንና እንቁላሉን ይሠራሉ። እኔ ደግሞ "ዘመናዊውን" ይዣለሁ። ዘመናዊው ማለት ፓንኬክ፣ አጃና ጁስ ነው።

አንድ ሐሙስ ማታ የጂሙ አሰልጣኝ መጣ። ቅዳሜ ጠዋት 12 ልጆች ሐይቁ ዳር ሮጠው ሲመለሱ ቁርስ እኛ ጋ ሊያበላቸው ፈልጓል። የአጃ ገንፎና ፓንኬክ፣ ሁለቱም ፕሮቲን ያለባቸው። ፓውደሩን ራሱ ይዞ መጥቷል፣ ትልቅ ጥቁር ጣሳ። "አደራ፣ ሰው ከውጭ ይዞልኝ የመጣ ነው" አለኝ። "አታስብ" አልኩት። እውነቱን ለመናገር ፓውደሩን ጁስ ውስጥ እንጂ እሳት ላይ አይቼው አላውቅም። ያው ዱቄት ነው ብዬ ነው።

ቅዳሜ 11 ሰዓት ገባሁ። 600 ግራም አጃ በትልቁ ድስት ጣድኩ። ሲንተከተክ 12 መስፈሪያ ፓውደር ከነደረቁ ገለበጥኩበት። አንዱ መስፈሪያ 30 ግራም ነው። ወዲያው ጓጎለ። በማማሰያ ብታገለውም እንክብሎቹ አልፈርስ አሉ። አንዷን በማንኪያ ጨፍልቄ ሳያት ላይዋ እንደ ቆዳ ጠንክሮ ውስጧ ደረቅ ዱቄት ነው። ይሟሟል ብዬ እሳቱን ቀንሼ ተውኩት። ልጆቹ የሚመጡት 2 ሰዓት ስለሆነ ድስቱ እዚያው እሳት ላይ ቆየ።

ፓንኬኩ ላይ ደግሞ ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። ፕሮቲን ከፈለጉ ይብዛላቸው አልኩና ፓውደሩንና የስንዴ ዱቄቱን እኩል አደረግኩ። ጂም የሚሠራ ሰው አስኳል አይወድም ብዬም ነጩን ብቻ ጨመርኩ። ዘይት ጠብታ። መጥበሻውን እንደ ሁሌው በደንብ አጋልኩት። ፓንኬኩ በአንድ ደቂቃ ቡናማ ሆነ። እንዴት ያምራል! ደርድሬ አስቀመጥኩ።

2 ሰዓት ላይ ልጆቹ ተርበው ገቡ። አንደኛው ፓንኬኩን በሹካ ወጋው፣ ሹካው ነጥሮ ተመለሰ። የቆረጡትም ቢያኝኩት ቢያኝኩት አልዋጥ አላቸው፣ ሁሉም ውሃ ጠየቀ። ገንፎው ደግሞ ድስቱ ውስጥ ረግቶ በጭልፋ ሲነሳ ቁራጭ ቁራጭ ሆኖ ወጣ። አሰልጣኙ አልተቆጣም፤ እሱ ነው የባሰው። ፓንኬኩን አጥፎ ለቀቀውና ተመልሶ ሲዘረጋ እያየ "ይሄን ለባጃጅ ጎማ እናርገው?" አለ። ልጆቹ የእትዬን እንቁላል በልተው ሄዱ። ክፍያ አልተቀበልንም። የባከነውን ፓውደር ግን የት አባቴ አመጣዋለሁ?

እትዬ ሁሉ ነገር ካለፈ በኋላ ጣሳውን አንስተው "ይሄ ከምን የሚሠራ ነው?" አሉኝ። ጣሳው ላይ የተጻፈውን አነበብኩላቸው። ዌይ። ከወተት የሚወጣ፣ አይብ ሲሠራ የሚቀረው ውሃ ተጣርቶ ደርቆ የተሠራ። እትዬ ሳቁ። "አጓት ነዋ! አጓት ነው እንዲህ የምትቀቅለው?"

እኔ እስከዚያ ቀን ዌይና አጓትን አገናኝቼ አላውቅም። እሳቸው ግን አይብ ሲያወጡ ያደጉ ናቸው። አሬራው ላይ እሳት ከበዛበት አይቡ ለስላሳ መሆኑ ቀርቶ እንደሚሻክርና እንደሚደርቅ ያውቃሉ። አጓቱንም ብቻውን ስታፈላው ነጭ ነጭ ብናኝ እንደሚወጣው አይተዋል። "ውሃ ይመስላል እንጂ ውስጡ የሚረጋ ነገር አለው፣ እንደ እንቁላል ነጭ" አሉኝ።

ከሰዓት በኋላ ደንበኛ ሲቀንስ ሞከርኩት። ጣሳው ግርጌ ከቀረው አንድ መስፈሪያ ወስጄ በግማሽ ኩባያ ቀዝቃዛ ውሃ በጥበጥኩ። ኩባያውን የፈላ ውሃ ያለበት ድስት ውስጥ አቆምኩና ለማኪያቶ ወተት የምንጠቀምበትን ቴርሞሜትር ሰካሁበት። እስከ 60 ዲግሪ ምንም የለም፣ እንደ ወተት ይፈሳል። 70ን ሲያልፍ መወፈር ጀመረ። 80 ላይ ትንሽ ቆይቶ ረጋ። ኩባያውን ብገለብጠው አይፈስም። በጣቴ ስነካው ያው የጠዋቱ ጎማ ነው።

ነገሩ ይሄው ነው። የዌይ ፕሮቲን ከ70 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ የተጠቀለለበት ይፈታና እርስ በርሱ ይያያዛል። ጥቂት ፓውደር በብዙ ፈሳሽ ውስጥ ከሆነ ብናኝ ብቻ ይሆናል። ብዙ ከሆነ መረብ ሠርቶ ውሃውን ይይዛል። እሳቱ ከቀጠለ ደግሞ መረቡ ይጠብቅና የያዘውን ውሃ መልሶ ይተፋል። አንድ ፓንኬክ በአንድ ጊዜ ጎማም ደረቅም የሚሆነው ለዚህ ነው። ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1700 ሜትር ገደማ ስለሆነች ውሃችን የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከባሕር ዳርቻ አገር ያነሰ ነው፣ አጓቱን ለማርጋት ግን ተርፎት ይፈሳል። የእኔ ድስት እዚያ ላይ ነበር ከሁለት ሰዓት በላይ የቆየው።

በማግስቱ አሰልጣኙን ይቅርታ ልጠይቅ ሄድኩ። የመጀመሪያ ጥያቄው "ፕሮቲኑ ተቃጥሎ ጠፋ ማለት ነው?" የሚል ነበር። አልጠፋም። እንቁላል ሲቀቀል ፕሮቲኑ እንደማይጠፋው ማለት ነው፤ ቅርጹ ነው የሚቀየረው። የጠፋው የሚበላ ምግብ ነው። ይሄን ስነግረው ሳቀና ሌላ ጣሳ ሰጠኝ። ደፋር ነው።

ገንፎውን ማስተካከል ቀላል ነበር፤ ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ብቻ ነው። ለአንድ ሰው 50 ግራም አጃ በ300 ሚሊ ሊትር ውሃ ብቻውን በደንብ ይበስላል። ከእሳት ይወርድና ሳይከደን አራት አምስት ደቂቃ ይቀመጣል። እስከዚያ አንዱን መስፈሪያ ፓውደር በሩብ ኩባያ ከፍሪጅ የወጣ ወተት እለውሰዋለሁ። መጀመሪያ ወተቱን ጠብ እያደረግኩ እንደ ሊጥ አሸዋለሁ፣ እንክብል እንዳይቀር፤ ከዚያ የቀረውን ጨምሬ አቀጥነዋለሁ። ገንፎው 80 አካባቢ ሲደርስ ቀዝቃዛው ወተት ሲገባበት ወደ 65 ይወርዳል። ማለትም ወተቱ ሁለት ሥራ ይሠራል፤ ፓውደሩንም ያሟሟል፣ ገንፎውንም ያበርዳል። ቴርሞሜትር የሌለው ሰው አንድ ማንኪያ አንስቶ አንዴ እፍ ብሎ መቅመስ ከቻለ ጊዜው ደርሷል። ምላሱን ካቃጠለው ይጠብቅ። ከገባበት በኋላ ተመልሶ እሳት አይነካም። ለብዙ ሰው ሲሆን አጃውን ብቻ ነው በድስት የማቆየው፣ ፓውደሩ በየሳህኑ ነው የሚገባው።

ፓንኬክ ግን እንዲህ አይታለፍም። እዚያ ሙቀቱን መሸሽ አይቻልም፤ ጥሬ ሊጥ ይዘን አንቀርብም። ስለዚህ መረቡ እንዳይጠብቅ መሃሉ ላይ ሌላ ነገር ማስገባት ነው። አራት ጊዜ ሞክሬ የረጋሁበት ይሄ ነው። 90 ግራም ዱቄት፣ 30 ግራም ፓውደር። ማለትም ከደረቁ ውስጥ ሩቡ ብቻ ነው ፕሮቲን። አንድ ሦስተኛ ድረስ ሞክሬያለሁ፣ ይበላል፣ ግን ሲቀዘቅዝ መጠንከር ይጀምራል። ግማሽ የባጃጅ ጎማ ነው። አንድ ሙሉ እንቁላል ከነአስኳሉ፤ ነጩ ራሱ የሚረጋ ፕሮቲን ስለሆነ እሱን ብቻ መጨመር ጎማ ላይ ጎማ ነው፣ አስኳሉ ግን ቅባት አለው። አንድ በደንብ የበሰለ፣ ቆዳው የጠቆረ ሙዝ ተፈጭቶ። ሁለት ማንኪያ እርጎ፣ አንድ ማንኪያ ዘይት፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር። ወተት ግማሽ ኩባያ ገደማ። ብዙ አልመታውም። አሥር ደቂቃ አስቀምጠዋለሁ፣ ዱቄቱ ውሃውን እስኪጠጣ። ከዚያ ከወፈረ ወተት ጠብ አደርግበታለሁ። ከማንኪያ ቀስ ብሎ መውረድ አለበት። ከተንጠለጠለ ይደርቃል።

እሳቱ ከመደበኛው ፓንኬክ ዝቅ ይላል። ፓውደሩ ውስጥ ያለው ፕሮቲንና የወተት ስኳር ቶሎ ስለሚያጠቁረው ቀለሙ ያታልላል። ያ ቅዳሜ ጠዋት "እንዴት ያምራል" ያልኩት ላዩን ነበር። አሁን መዳፍ የሚያክል ትንሽ ትንሽ አድርጌ አፈሳለሁ፣ መክደኛ እደፋበታለሁ፣ በእንፋሎቱ ከላይም ይበስላል። ጠርዙ ደብዘዝ ሲልና አረፋው ፈንድቶ ቀዳዳው ሳይደፈን ሲቀር እገለብጣለሁ። ሁለተኛው ፊት ከአንድ ደቂቃ አያልፍም። መሃሉን በጣት ስጫነው ቀስ ብሎ ከተመለሰ ደርሷል። ቶሎ ከነጠረ አልፎበታል፣ መድኃኒት የለውም። ሲወጣ እንደ እንጀራ በጨርቅ እሸፍነዋለሁ።

በዚህ ልክ ከወጣው ሊጥ ሁለት ሰው ይበላል፣ ለእያንዳንዱ 20 ግራም ከምናምን ፕሮቲን ይደርሰዋል። አሰልጣኙ "ትንሽ አይደለም?" አለ። ለሚቀረው እንቁላል አለ፣ ወተት አለ። ወይም በጥብጠው ይጠጡት፣ እሳት አያስፈልገውም።

ከወር በኋላ እንደገና ጉድ ልሆን ነበር። የተለየ ጣሳ መጣ። በዚያው ልክ ሳቦካው ሊጡ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ማንኪያ የሚያቆም ሆነ። ጣሳውን ሳነብ ዌይ አይደለም፣ ካዜን ነው። ለእትዬ ነገርኳቸው፤ ካዜን ማለት ከወተቱ አይብ የሚሆነው ክፍል ነው። "እና አይብማ ውሃ ይጠጣል" አሉ፣ ይሄም ግልጽ ነው በሚል ፊት። እሱ በሙቀት እንደ አጓቱ አይረጋም፣ ፈሳሽ ግን ይመጥጣል፤ ወተቱን በግማሽ ያህል ጨምሬ ተቃና። ከዚያ ወዲህ ጣሳ ሲመጣ ማንኪያ ከማንሳቴ በፊት የመጀመሪያውን ቃል አነባለሁ።

ልጆቹ አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣሉ። እትዬ እስካሁን ፓንኬኩን አልቀመሱትም። "እኛ ቤት አጓት ለጥጃ ነበር የሚሰጠው" ይላሉ፣ "እናንተ ከውጭ አስመጥታችሁ በሙዝ ትበሉታላችሁ።"