ዋጋው ወርዶ ባለአክሲዮኑ የማይከስርባቸው ቀኖች፦ ከዋጋ ሠንጠረዥ ሥራዬ የተማርሁት

የአክሲዮን ዋጋ ታሪክን በራሴ ሠንጠረዥ እየመዘገብሁ የረጅም ጊዜ ትርፍን ማስላት ከጀመርሁ ሦስተኛ ወር ይዣለሁ። በዚህ ወር ጊዜዬን የወሰደው ዋጋው በግልጽ እየወረደ የባለአክሲዮኑ ሀብት ግን የማይቀንስባቸውን ቀኖች ማስተካከል ስለ ነበር፣ ያገኘሁትን ለሥራ ባልደረቦቼ ላካፍል። ቀኖቹ በሙሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

መጀመሪያ ያጋጠመኝ የአፕል አክሲዮን ነው። ዓርብ ኦገስት 28 ቀን 2020 በ499.23 ዶላር ተዘግቶ፣ ሰኞ ኦገስት 31 በ129.04 ዶላር ተዘጋ። ሠንጠረዤ ይህን የ74 በመቶ ውድቀት አድርጎ መዘገበው። የሆነው ግን በዚያ ሰኞ እያንዳንዱ አክሲዮን በአራት መከፈሉ ነው። አንድ የነበረው አራት ሲሆን የኩባንያው ሀብት፣ ዕዳና ትርፍ ስለማይለወጥ፣ ለንጽጽር የሚያገለግለው የዓርብ ዋጋ 499.23 ለአራት ተካፍሎ 124.81 ይሆናል። ስለዚህ የሰኞው ትክክለኛ ለውጥ የ3.4 በመቶ ጭማሪ ነበር። ክፍፍልን ማስተካከል ቀላል ነው፤ ከክፍፍሉ በፊት ያሉትን ዋጋዎች ሁሉ ለአራት ማካፈል፣ የአክሲዮኖቹን ብዛት ደግሞ በአራት ማባዛት ይበቃል።

የትርፍ ድርሻ ግን ከዚህ የረቀቀ ነው፤ ምክንያቱም እዚህ ላይ እውነተኛ ገንዘብ ከኩባንያው ወጥቶ ወደ ባለአክሲዮኑ ይሄዳል። አሠራሩን በደንብ የተረዳሁት ማይክሮሶፍት በ2004 ከከፈለው ልዩ የትርፍ ድርሻ ነው። ኩባንያው ለአንድ አክሲዮን 3 ዶላር ልዩ ክፍያና 8 ሳንቲም መደበኛ ክፍያ፣ በድምሩ 3.08 ዶላር ለመክፈል ወሰነ። ድርሻው የሚገባቸው ባለአክሲዮኖች ከመዝገብ የሚለዩበት የምዝገባው ቀን ረቡዕ ኖቬምበር 17፣ የክፍያው ቀን ደግሞ ዲሴምበር 2 ነበር። ዋጋው የወረደው ግን በሁለቱም ቀን ሳይሆን ሰኞ ኖቬምበር 15 ነው፤ ዓርብ በ29.97 የተዘጋው አክሲዮን ሰኞ በ27.39 ተዘጋ።

ለምን ሰኞ ሆነ? በዚያን ጊዜ በአሜሪካ ገበያ አንድ ግዢ ተጠናቅቆ ገዢው በባለአክሲዮኖች መዝገብ ላይ የሚሰፍረው ከግዢው በኋላ ባለው ሦስተኛ የሥራ ቀን ነበር። ዓርብ የገዛ ሰው ረቡዕ መዝገብ ላይ ይገኛል፤ ሰኞ የገዛ ግን የሚደርሰው ሐሙስ በመሆኑ አንድ ቀን ዘግይቶ ድርሻው ያመልጠዋል። ስለዚህ ዓርብ የሚሸጠው አክሲዮን ከነ3.08 ዶላር መብቱ ነው፤ ሰኞ የሚሸጠው ደግሞ ያ መብት የተለየው፣ ባዶውን የቀረው አክሲዮን ነው። ይህ መብቱ ከአክሲዮኑ የሚለይበት ቀን ኤክስ ዲቪደንድ ቀን ይባላል። ገንዘቡ ከኩባንያው ካዝና የሚወጣው ከሁለት ሳምንት በላይ ቆይቶ ቢሆንም፣ ዋጋውን የሚያወርደው የገንዘቡ መውጣት ሳይሆን የመብቱ መለየት መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል። ከሜይ 28 ቀን 2024 ጀምሮ የአሜሪካ ግብይት በአንድ የሥራ ቀን ስለሚጠናቀቅ፣ ዛሬ ኤክስ ዲቪደንድ ቀኑ አብዛኛውን ጊዜ ከምዝገባው ቀን ጋር አንድ ነው። የቆዩ ጽሑፎች ላይ «ከምዝገባው ሁለት ቀን በፊት» የሚል ሕግ ያነበበ ሰው የተጻፈበትን ዘመን ይመልከት።

ዋጋው በትክክል በ3.08 አለመውረዱም ሊያሳስት አይገባም። ከ29.97 ላይ 3.08 ሲቀነስ 26.89 ይሆናል፤ መዝጊያው ግን 27.39 ነበር። ዋጋውን በሥልጣን የሚቀንስ አካል የለም፤ ገዢና ሻጭ ናቸው መብቱ መለየቱን እያወቁ ዝቅ ባለ ዋጋ የሚስማሙት፣ በዚያው ቀንም ሌላ ዜና፣ ፍላጎትና የግብር ስሌት ይቀላቀላል። በራሱ የሚስተካከል ነገር ቢኖር አስቀድሞ የተሰጠ ትእዛዝ ነው፦ በአሜሪካ ከገበያ ዋጋ በታች ተቀምጦ የሚጠብቅ የግዢ ትእዛዝ፣ ደንበኛው አይቀነስብኝ ካላለ በስተቀር፣ በኤክስ ዲቪደንድ ቀን በድርሻው መጠን ዝቅ ይደረጋል። ኪሳራን ለመገደብ የተቀመጠ የሽያጭ ትእዛዝም እንዲሁ ይቀነሳል፤ አለበለዚያ ምንም መጥፎ ነገር ሳይከሰት አክሲዮኑ ሊሸጥ ይችል ነበር።

ወደ ሠንጠረዤ ስመለስ፣ የድሮ ዋጋዎችን ለማስተካከል መጀመሪያ ያሰብሁት ከእያንዳንዳቸው 3.08 መቀነስ ነበር። ውጤቱ ወዲያው ስህተቱን አሳየኝ። ማይክሮሶፍት በ1986 ለሕዝብ ሲሸጥ ዋጋው 21 ዶላር ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በተደረጉት ክፍፍሎች ሲስተካከል ግን ከ10 ሳንቲም በታች ስለሚሆን፣ 3.08 ሲቀነስበት ዋጋው ከዜሮ በታች ይወርዳል። ትክክለኛው መንገድ ከኤክስ ዲቪደንድ ቀን በፊት ያሉትን ዋጋዎች ሁሉ በአንድ ምጣኔ ማባዛት ነው፦

```
f = 1 - D / P
f = 1 - 3.08 / 29.97 = 0.8972
```

D የትርፍ ድርሻው፣ P ደግሞ ከኤክስ ዲቪደንድ ቀን በፊት የነበረው የመጨረሻ መዝጊያ ዋጋ ነው። በመረጃ ገጾች ላይ `Adj Close` የሚለው ዓምድ የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው፤ አዲስ ድርሻ በተከፈለ ቁጥር የኋላው ታሪክ ሁሉ የሚለዋወጠውም ለዚህ ነው። በ1986 ማንም በዚያ የተስተካከለ ዋጋ አልገዛም፤ ዓምዱ የሚያገለግለው የዋጋዎችን ጥምርታ ለማስላት ብቻ ነው።

አንድ ሳምንት ያህል ያጠፋብኝ ስህተት የመጣው ክፍፍልና ድርሻን ሳደባልቅ ነው። አፕል ከክፍፍሉ ሦስት ሳምንት በፊት፣ ኦገስት 7 ቀን 2020፣ የ82 ሳንቲም ድርሻ ኤክስ ዲቪደንድ ቀን ነበረው። የዋዜማው መዝጊያ 455.61 ዶላር ስለነበር ድርሻው የዋጋው 0.18 በመቶ ብቻ ነው። እኔ ግን በክፍፍሉ የተስተካከለውን 113.90 ይዤ ያልተስተካከለውን 82 ሳንቲም አካፈልሁበትና 0.72 በመቶ አገኘሁ። ስህተቱን ለማየት የሚያስቸግረው በዚያ ቀን አክሲዮኑ በሌላ ምክንያት ከ2 በመቶ በላይ ወርዶ ስለነበር፣ በዋጋው ንድፍ ላይ ከ0.18 እና ከ0.72 የትኛው ትክክል እንደሆነ በዓይን መለየት ስለማይቻል ነው። የታየኝ የዓመቱን ድርሻዎች ደምሬ ለዋጋው ሳካፍል ከታወቀው አራት እጥፍ ሲሆንብኝ ነው። ዋጋና ድርሻ ሁለቱም ከክፍፍሉ በፊት ባለው ወይም ሁለቱም ከክፍፍሉ በኋላ ባለው መለኪያ መሆን አለባቸው፤ በኋለኛው ከሆነ 82 ሳንቲሙ 20.5 ሳንቲም ይሆናል።

አሁን እያንዳንዱን ኤክስ ዲቪደንድ ቀን በሁለት መንገድ አሰላለሁ። አንደኛው ያልተስተካከለውን ዋጋ ከነድርሻው ደምሮ ለዋዜማው ማካፈል ሲሆን፣ ማይክሮሶፍት በዚያ ሰኞ የ1.67 በመቶ ጭማሪ ያሳያል። ሁለተኛው የተስተካከሉትን ዋጋዎች ማካፈል ሲሆን፣ እሱ 1.86 በመቶ ይሰጣል። ልዩነቱ መጀመሪያ ሳየው እንደገና የተሳሳትሁ መስሎኝ ነበር፤ ነገር ግን የመጀመሪያው ድርሻውን በእጅ እንደተያዘ ጥሬ ገንዘብ ሲቆጥር፣ ሁለተኛው በ26.89 ተጨማሪ አክሲዮን እንደተገዛበት ይቆጥረዋል፣ ያም ተጨማሪ አክሲዮን እስከ 27.39 አድጓል። ለአፕል 82 ሳንቲም ሁለቱ ስሌቶች ከመቶኛው አንድ መቶኛ ባነሰ ይለያያሉ፤ ስለዚህ በትንሽ ድርሻ ላይ ሰፋ ያለ ልዩነት ሳይ መለኪያው መደባለቁን አውቃለሁ።