ለቀድሞ ደንበኛዬ የላክሁት መልእክት

ባለፈው ጥር የቡና ማሸጊያ ሌብል ለሠራሁላቸው ደንበኛ ዛሬ በቴሌግራም ጻፍሁላቸው። እኚህ ሴት አዲስ አበባ ውስጥ ቡና ቆልተውና ፈጭተው በሩብ ኪሎ ከረጢት የሚሸጡ ሲሆን፣ እኔም እንደ ሌሎቹ ሁሉ እትዬ እያልሁ ነው የምጠራቸው። ሥራው በሰላም አልቆ፣ ክፍያውም ተጠናቆ ከተለያየን ወዲህ አልተጻጻፍንም። ያ ዝምታ ቅሬታ ያዘለ ባይሆንም፣ ሰው የተወሰነ ጊዜ ካለፈ በኋላ «አሁን ምን ብዬ ልጀምር?» እያለ በራሱ ላይ የሚዘጋው በር አለና፣ ዛሬ እንዴት እንደ ጻፍሁና ለምን እንደዚያ እንደ ጻፍሁ በማስታወሻዬ ላስቀምጥ።

ሰላምታውን ለመስቀል ልልክ አስቤ ነበር፤ በኋላ ግን ተውሁት። በበዓል ቀን የሰው ስልክ በአደይ አበባና በደመራ ሥዕል ይሞላል። ከዚያ ሁሉ መካከል የኔ «እንኳን አደረሰዎ» ቢደርሳቸው አመስግነው ያልፉታል እንጂ ለእርሳቸው ብቻ የተጻፈ መሆኑን የሚያውቁበት ነገር የለም። ከዚያም በላይ፣ የበዓል ሰላምታን የሥራ ጥያቄ ማንጠልጠያ ማድረግ ሰላምታውንም ጥያቄውንም ያረክሳል ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ በዓሉ ካለፈ በኋላ፣ ከሥራው ከራሱ የመጣ ምክንያት ይዤ መቅረብን መረጥሁ።

ምክንያቱን ያገኘሁት የድሮውን ፋይል ከፍቼ ነው። በጥር መጨረሻ ያሳተምነው ሌብል 5,000 ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ እትዬ በወር 500 ያህል ከረጢት ይሸጡ ነበር። በዚህ ሒሳብ ከየካቲት ጀምሮ እስከ አሁን 4,000 ገደማ አልቆ የሁለት ወር ያህል ይቀራቸዋል ማለት ነው። ማተሚያ ቤቱ ናሙና አሳይቶ፣ አስተካክሎ እስኪያስረክብ ባለፈው ጊዜ ሦስት ሳምንት ያህል ስለ ወሰደ፣ ጉዳዩ የሚነሣበት ትክክለኛ ጊዜ ይህ ነው። ከዚህ ቀደም ብጽፍላቸው ጥያቄው ምንም አይነካቸውም ነበር፤ ኅዳር ላይ ብጽፍ ደግሞ ወይ ያንኑ ሌብል በጥድፊያ አሳትመውታል፣ ወይም ለሌላ ሰው ሰጥተውታል። ሌላም ነገር አለ። የይርጋ ጨፌና የሲዳማ ቡና መለቀም የሚጀምረው በጥቅምት አካባቢ ነው፤ ያልታጠበው ቡና በማድረቂያ አልጋ ላይ ሳምንታት ሰንብቶ ደርቆ፣ ተፈልፍሎ አዲስ አበባ እስኪደርስ ወራት ይሄዳል። በሌብሉ ላይ የምርት ዘመኑ ስለ ታተመ፣ አዲሱ ቡና ሲገባ የድሮው ሌብል እውነቱን መናገር ያቆማል።

ይሁን እንጂ ሒሳብ ብቻውን ወዳጃዊ ደብዳቤ አይሆንም። ከመጻፌ በፊት አንድ ከረጢት ከሱፐርማርኬት ገዛሁ፤ ለቀድሞ ደንበኛ ከመጻፍ በፊት ሥራው ከእጃችን ከወጣ በኋላ እንዴት እየኖረ እንደሆነ በዐይን ማየት ከሁሉ የሚበልጥ ዝግጅት ይመስለኛል። ሌብሉን ስንሠራ እትዬ የተቆላበትን ቀን በማርከር በእጃቸው ይጽፉ ስለ ነበር፣ የተሸፈነበት የሚያንጸባርቅ ላሚኔሽን ምንም አላስቸገረም። አሁን ግን ቀኑ በማኅተም ተመትቷል፤ ቀለሙም ስላልያዘ በአውራ ጣቴ ስነካው ተቀባባ። የማኅተም መደበኛ ቀለም የሚደርቀው ወረቀት ሲመጠው ነው፤ ላሚኔሽኑ ግን ፕላስቲክ ስለሆነ አይመጠውም። መፍትሔው ሁለት ነው፦ ለፕላስቲክ የሚሆን ቶሎ የሚደርቅ ቀለም መጠቀም፣ ወይም በሚቀጥለው ኅትመት ለቀኑ ላሚኔሽን የሌለበት ትንሽ ቦታ ማስቀረት። ማኅተሙ ሌላም ነገር ነገረኝ፦ በእጅ መጻፉ አድክሟቸው ማኅተም ካስቀረጹ ሽያጫቸው አድጓል፤ ሽያጩ ካደገም ሌብሉ ከገመትሁት ቀድሞ ያልቃል።

የጻፍሁት እንዲህ ይላል፦

«ጤና ይስጥልኝ እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? ቤተሰብዎና ሠራተኞችዎ ደኅና ናቸው? በዚህ ሳምንት ቡናዎን ከሱፐርማርኬት ገዝቼ አፈላሁት፤ እናቴም በጣም ወደደችው። የተቆላበትን ቀን አሁን በማኅተም እንደሚመቱ አየሁ፤ ሥራው እየሰፋ ስለሆነ ደስ ብሎኛል። ቀለሙ ግን ሌብሉ ላይ ሲነካ ይቀባባል። ለፕላስቲክ የሚሆን ቶሎ የሚደርቅ የማኅተም ቀለም ቢገዙ፣ አሁን በእጅዎ ያለው ሌብል ላይም በደንብ ይይዛል። በጥር ያሳተምነው ሌብል እስከ መቼ ያደርስዎት ይሆን? ቀጣዩን ከማሳተምዎ በፊት የቀኑን ቦታና የምርት ዘመኑን ማስተካከል ከፈለጉ፣ ፋይሉ እኔ ዘንድ አለ። ሲመችዎ ይመልሱልኝ።»

ሰላምታው አጭር ነው፤ ግን አልዘለልሁትም። በእድሜ ለሚበልጡኝ ሰው ቤተሰብ ሳልጠይቅ ወደ ጉዳይ መግባት አይሆንልኝም። «ስለ ጠፋሁ ይቅርታ» የሚል ረጅም ምክንያት አላስገባሁም፤ ያ ነገር አንባቢውን ማጽናናት ግዴታው ያስመስልበታል። የቀለሙን መፍትሔ ሙሉ በሙሉ የነገርኋቸው ደግሞ ለእኔ አንድ ሳንቲም ሳይከፍሉ እንዲጠቀሙበት ነው። ግማሹን ነግሬ ግማሹን ለሥራ ብይዘው ኖሮ መልእክቱ መልካምነቱን ያጣ ነበር። ዋጋም፣ የአዳዲስ ሥራዎቼን ሥዕልም አላያያዝሁም። «ሥራ ካለ አይርሱኝ» የሚለው ልመና እርሳቸውን የሚያስጨንቅ ስለሆነ፣ በእርሱ ፈንታ ወደ መጋዘኑ ገባ ብለው በማየት ብቻ የሚመለስ አንድ ጥያቄ ጠየቅሁ። የላክሁትም ድሮ በተጻጻፍንበት በዚያው ገጽ ነው፤ ከፍ ብለው ቢያዩ የመጨረሻው ምስጋናቸውና ያጸደቁት ሌብል እዚያው አለ። ክፍያ የቀረ ቢሆን ኖሮ ግን ይህን መልእክት ጨርሶ አልልክም ነበር፤ የገንዘብ ጥያቄ ለብቻው፣ በግልጽ መቅረብ አለበት።

መልስ ባይመጣ ጥቅምት አጋማሽ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ስለ ሌብሉ አስታውሼ ልተው ወስኜ ነበር። እትዬ ግን ማታ በድምፅ መለሱልኝ። መጀመሪያ እናቴን ጠየቁ፤ ቀጥለው ቀለሙ እርሳቸውንም ሲያናድድ እንደ ከረመ፣ ሌብሉም አንድ ጥቅል ብቻ እንደ ቀራቸው ነገሩኝ። ያልጠበቅሁት ከዚያ በኋላ መጣ። ዘንድሮ እስከ አሁን ከሚሸጡት ከይርጋ ጨፌው ቡና ሌላ ያልታጠበ የጉጂ ቡና ሊጨምሩ አስበዋል፤ ሁለቱ በመደርደሪያ ላይ እንዲለዩ፣ ግን የአንድ ቤት መሆናቸው እንዲታወቅ ይፈልጋሉ።

ዋጋውን ወዲያው ጠይቀውኝ ነበር፤ ከመናገሬ በፊት ሁለት ነገር እንዲነግሩኝ ለመንኋቸው፦ የጉጂው ከረጢት መጠኑ ከፊተኛው ጋር አንድ ነው ወይስ ይለያል? ከየአንዳንዱ ስንት ሌብል ማሳተም ያስባሉ? የጉጂው ሽያጭ ገና ስላልታወቀ ብዙ ማሳተሙ ስለሚያሰጋ፣ ሁለቱም የሚጋሩት አንድ ሌብል ታትሞ የቡናው ስም በትንሽ ተለጣፊ ቢጨመር ይሻላል ብዬ ገምቻለሁ። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ባዶ ከረጢቶቹን አይቼ እንድንወስን ወደ መቁያ ቤታቸው እሄዳለሁ።