ፈጠነ አንገት ላይ ተሻገረ

ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች የስሜት ነርቭ መንገድ ሳስተምር ስላይዱ ላይ ያለውን ቀይና ሰማያዊ መስመር ይሸመድዱታል፣ በፈተናው ማግስት ይረሱታል። አንድ ሴሚስተር ይኼ ሰለቸኝና ሁለት ገጽ ታሪክ ጻፍኩላቸው። አንዲት ተማሪ ታክሲ ውስጥ ተቀምጣ ግራ እጇን ኪሷ ከትታ የአንድ ብር ሳንቲም ትፈልጋለች። አመልካች ጣቷ የሳንቲሙን ጠርዝ ሲነካው፣ ከቆዳዋ ላይኛ ሽፋን ሥር ካለው፣ ንክኪን ከሚቀበለው የማይስነር አካል አንድ መልእክተኛ ይነሳል። ስሙን ፈጠነ አልኩት።

በመግቢያው ዛሬም አላፍርም። ማይስነር አፉን የሚከፍተው ነገር ሲለወጥ ነው፤ ጣት ሳንቲሙ ላይ ዝም ብሎ ካረፈ እሱም ዝም ይላል። ኪሳችን ውስጥ ሳንቲም ስንለይ ሳናስበው ጣታችንን ጠርዙ ላይ የምናንሸራትተው ለዚህ ነው። ልጅቷም አንሸራተተች፣ ፈጠነም በክንዷ ሽቅብ በረረ። ህብለ ሰረሰሯ አጠገብ ሲደርስ የራሱን ቤት፣ ማለትም የሴሉን አካል፣ ከመንገዱ ዳር አየውና ሳይገባ አለፈ። ይህቺን ዓረፍተ ነገር በጣም ነው የምወዳት።

ጉዱ ከዚያ በኋላ ነው። ወረቀቱ ከመባዛቱ በፊት ያነበቡልኝ አንድ ነባር ባልደረባ፣ «ይሄ ልጅ መንገድ ላይ ማንንም አያገኝም እንዴ? አንገት ላይ አንድ ሰው ይቀበለው እንጂ፣ ታሪክ አይደል!» አሉኝ። ሐሳቡ ጣመኝ። ፈጠነን ህብለ ሰረሰሩ በር ላይ አደከምኩት፤ ደብዳቤውን ለሌላ መልእክተኛ አስረከበ፣ ተቀባዩም እዚያው አንገት ላይ ከግራ ወደ ቀኝ ተሻግሮ ወደ አንጎል ወጣ። ክፍሉ ውስጥ ሳነበው ተማሪዎቹ ሳቁ፣ እኔም ደረቴን ነፋሁ።

ከኋላ አንድ እጅ ወጣ። ተማሪው ነርስ ሆኖ ድንገተኛ ክፍል ሠርቶ እንደገና ትምህርት የጀመረ ነው፤ ከክፍሉ ልጆች በዕድሜ ይበልጣል።

«መምህር፣ አንድ ሰው አንገቱን በግራ በኩል በጩቤ ተወግቶ የህብለ ሰረሰሩ ግራ ግማሽ ቢቆረጥ፣ ጥሩ አድርጎ መንካት የሚያቅተው የትኛው እጁ ነው?»

በታሪኬ ሄድኩ። «ግራ እጁ የላከው አንገት ላይ ወደ ቀኝ ተሻግሯል፣ ስለዚህ ተርፏል። የሚጎዳው ቀኙ ነው።»

«እኛ ጋ የመጣው ግን እንደዚያ አልነበረም» አለ፣ በጣም በትህትና። «ዓይኑን አስጨፍነን ግራ መዳፉ ላይ ቁጥር ስንጽፍበት አያውቀውም። ግራ ጣቱን ወደ ላይ ስናነሳው ወደ ታች ነው ይለናል። ቀኝ እጁ ይህን ሁሉ ያውቃል፤ በመርፌ ብንወጋው ግን ሕመሙ አይሰማውም።»

ክፍሉ ጸጥ አለ። የሚያናድደው፣ መልሱን ለዓመታት ያስተማርኩት እኔው መሆኔ ነው! አንገት ላይ ገብቶ ብዙም ሳይርቅ የሚሻገረው የሕመምና የሙቀት መንገድ ነው። የረቂቅ ንክኪው ፈጠነ ግን በገባበት በኩል፣ በህብለ ሰረሰሩ ጀርባ፣ ማንንም ሳያገኝ ሽቅብ ይወጣል። ከጣት ጫፍ እስከ አንጎል ግርጌ፣ እስከ ሜዱላ፣ ወደ አንድ ሜትር የሚጠጋው መንገድ የአንድ ሴል ክር ነው። የመጀመሪያው ርክክብ ሜዱላ ላይ ነው፤ ተቀባዩ እዚያው ወደ ቀኝ ይሻገራል፣ አንጎል መሃል ታላመስ ላይ ለሦስተኛው ይሰጣል፣ ሦስተኛው የአንጎል ቅርፊት በሆነው ኮርቴክሱ ላይ የእጅ ድርሻ የሆነችው ቦታ ያደርሰዋል። ከእጅ አንጓ ብንለካ ይኼ ሁሉ 20 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። ነርሱ ያየው በሽተኛ ላይ ጩቤው የቆረጠው ገና ያልተሻገረውን የግራ ንክኪና ቀድሞ የተሻገረውን የቀኝ ሕመም ነበር። እኔ ለታሪኩ ማማር ብዬ ንክኪን በሕመም መንገድ ነድቼዋለሁ።

«ታሪኩ ነው ያሳሳተኝ» አልኩ። «ታሪኩ ጥሩ ነው፣ መምህር» አለኝ። ማጽናናቱ ከጥያቄው በላይ አመመኝ።

በሳምንቱ አስተካክዬ አባዛሁት። አዲሱ ፈጠነ ማንንም ሳያገኝ ሜትሩን ሙሉ ብቻውን ይሮጣል፤ ልክ ነው፣ ግን ደረቅ ነው። ባልደረባዬ አዩትና «ያኛው ይሻል ነበር» አሉኝ። አንገት ላይ ሰው ይቀበለው ያለው ማን እንደሆነ ትዝ ያላቸውም አይመስለኝም። ፈተናው ላይ ስለ ጩቤው ጠየቅኩ። ብዙዎቹ በትክክል መለሱ፤ አንዷም ከመልሷ ሥር «ነርሱ እንዳለው» ብላ ጽፋለች።

በር ላይ ያለው ፎቶ ኮፒ ቤት ግን የመጀመሪያውን ቅጂ ይዞ ቀርቷል። ባለፈው አዲስ ገቢ ተማሪዎች ተሰልፈው ሲያስባዙት አይቼ፣ አዲሱን ሰጥቼው ያንን እንዲጥለው ለመንኩት። «ጋሼ፣ አዲሱን ማን ይጠይቀኛል?» አለኝ።