የአዝማች ልምምዴ፦ ከ«ማር ወለላ» ወደ ሁለት ስኒ

ያለፉትን ሦስት ሳምንታት ያሳለፍኩት አንድ አዝማች ላይ ነው። ዜማው በትዝታ ቅኝት በክራር የወጣ ነው፤ ግጥሙ ደግሞ የወል ቤት፣ ማለትም በመስመር 12 ቀለም፣ መሃሉ ላይ ትንፋሽ የሚወሰድበት፣ ስድስት በስድስት። መጀመሪያ የጻፍኩት ይኸውላችሁ፦

ልቤን ሰረቅሽብኝ፣ የኔ ማር ወለላ፣
ካላንቺ አልመኝም፣ በዓለም ላይ ሌላ።

ልኩ ልክ ነው፣ ቤቱም ይመታል። ለአክስቴ ልጅ ስዘፍንላት ግን «ወለላ» ላይ ስደርስ «ሌላ»ን ከእኔ ቀድማ ጨረሰችው። በማግስቱ ምን እንደዘፈንኩ ብጠይቃት «የፍቅር ነገር ነበር» አለችኝ። ቀድሞ የሚገመት ቤት ሰሚው ጆሮ ላይ አያርፍም ማለት ነው፤ ከሌሎች መቶ ዘፈኖች ጋር ይቀላቀላል።

ስለዚህ ስለ ልብ ማውራቱን ትቼ ሰውዬው ብቻውን ሲቀር ጠዋት ምን እንደሚያደርግ አሰብኩ። ቡና ያፈላል። እጁ ስለለመደ ሁለት ይቀዳል።

ዛሬም ሁለት ስኒ፣ ቀዳሁኝ በስህተት፣
አንደኛው በረደ፣ ሳይነካ ባለበት።

ናፍቆት የሚል ቃል አንድም የለም (ማስገባት አምሮኝ ነበር፣ አልዋሽም)። ችግሩ የመጣው ሲዘፈን ነው። «ሳይነካ» ጠብቆ ካልተባለ ትርጉሙ ይለወጣል። ዜማዬ ደግሞ ቃሉን ስለሚጎትተው ላልቶ ወጣና፣ ጓደኛዬ «ማነው ያልነካው?» ብሎ ጠየቀኝ። ወረቀት ላይ ይህ አይታይም፤ ጮክ ብሎ መዝፈን ብቻ ነው የሚያጋልጠው። «ቁጭ ብሎ ባለበት» ብዬ ቀየርኩት። ቀለሙ ያው ስድስት ነው፣ እንዲያውም ስኒው ሰው የሚጠብቅ መሰለ።

ሌላው መዝጊያው ነው። «በስህተት» እና «ባለበት» በ«ት» ይዘጋሉ፤ ድምፅ ላስረዝም ስል አፌ ላይ ይቆረጣሉ። ሳድስ ፊደልም ሲጎተት አያምርም። መፍትሔው ቀላል ሆኖ አገኘሁት፦ ከሁለቱ መስመር በኋላ «ዛሬም ሁለት ስኒ»ን መልሼ «ኒ» ላይ አስረዘምኩ። አሁን መጀመሪያውም መጨረሻውም ያችው ሐረግ ሆነች፣ በየመሃሉ የሚለያየው የስንኙ ዜማ ደግሞ ዝቅ ብሎ ስለሚሄድ አዝማቹ ሲመጣ ከፍ ማለቱ ይሰማል። የአክስቴ ልጅ በማግስቱ ሳልጠይቃት ዕቃ እያጠበች ስታንጎራጉራት ሰማኋት።

አሁን የቀረኝ የመጨረሻው ዙር ነው። አዝማቹ ሳይለወጥ አራት ጊዜ ከተደገመ ይሰለቻል፣ ብዙ ከተለወጠ ደግሞ አዝማችነቱ ይጠፋል። ስለዚህ አንድ ግማሽ መስመር ብቻ ነካሁ፦ «ዛሬም ሁለት ስኒ፣ ልቅዳ ለጎረቤት»። ሁለተኛው መስመር ግን ገና አልመጣልኝም፤ ስኒው ከእንግዲህ አይበርድማ።