ወሰኖቹ የማን ናቸው? ከ u ጋር ያሳለፍኳቸው ሦስት ሳምንታት

ካልኩለስን ከተውኩ ዘጠኝ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ዘንድሮ የማታ ትምህርት ጀምሬ ከኢንተግራል ጋር እንደገና ተገናኝተናል። ስህተቶቼን በቀይ እስክሪብቶ የምመዘግብበት ደብተር አለኝ። ሰሞኑን ገጾቹን ሳገላብጥ አንድ ነገር አስተዋልኩ፤ በ u መተካት በሚለው ርዕስ ሥር የቀላው ሁሉ u በመምረጡ ላይ አይደለም። አብዛኛው የቀላው በትክክል ከመረጥኩ በኋላ፣ ሥራው አለቀ ብዬ በተዝናናሁበት ቦታ ነው።

ስለ ምርጫው በአጭሩ ልናገር። u ብዬ የምሰይመው በሌላ ፈንክሽን ሆድ ውስጥ የተቀመጠውን ክፍል ነው፤ በሥሩ ምልክት ውስጥ፣ በቅንፍ ውስጥ ወይም በ e ትከሻ ላይ ያለውን። ከዚያ ዴሪቬቲቩ ውጭ ቆሞ እየጠበቀኝ እንደሆነ እመለከታለሁ። ይህን ውሰዱ፦

∫₀² x√(1+2x²) dx

ከሥሩ ውስጥ ያለው 1+2x² ነው፤ ዴሪቬቲቩ 4x ነው። ውጭ ያለው x ብቻ ቢሆንም የጎደለው 4 ቋሚ ቁጥር ስለሆነ ችግር የለውም። u = 1+2x² ካልን du = 4x dx ይሆናል፤ ስለዚህ x dx = du/4።

ያ ውጭ የቆመው x ባይኖር ኖሮ ግን ነገሩ ሌላ ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት ∫₀² √(1+2x²) dx የሚለውን ስሠራ dx = du/(4x) ብዬ ጻፍኩና 1/(4x)ን እንደ ቋሚ ቁጥር ከኢንተግራሉ ውጭ አወጣሁት። x የሚለዋወጥ ነገር ነው፤ ወደ ውጭ መውጣት አይችልም። መልሴ ውስጥ x እና u ጎን ለጎን ተቀምጠው ሳይ ነው የነቃሁት። አሁን ከተካሁ በኋላ አንድም x ከቀረ ወይ በ u እገልጸዋለሁ፣ ወይ ምርጫዬን እጥላለሁ።

ወደ መጀመሪያው ልመለስ። ከተካሁ በኋላ የጻፍኩት ይህን ነበር፦

(1/4)∫₀² √u du = (1/6)·2√2 ≈ 0.47

እያንዳንዱ እርምጃ ንጹሕ ይመስላል፤ መልሱ ግን ስህተት ነው። ይህን ለማወቅ መልስ መስጫውን መግለጥ እንኳ አያስፈልግም ነበር። x = 1 ላይ የፈንክሽኑ ዋጋ √3፣ ማለትም ወደ 1.73 ገደማ ነው። ከዚያ እስከ x = 2 ድረስ እያደገ 6 ይደርሳል። ከ1 እስከ 2 ባለው ብቻ ያለው ስፋት ከ1.73 በላይ መሆን ሲገባው፣ ጠቅላላው 0.47 ሊሆን ከየት ይመጣል?

ደብተሬን ያየው አስተማሪያችን ስህተቱን አልነገረኝም። 0 እና 2 ላይ ጣቱን አሳርፎ «እነዚህ ቁጥሮች የማን ናቸው?» አለኝ። የ x ናቸው። እኔ ግን du ከሚል ምልክት ጋር አቆራኝቼ u ከ0 እስከ 2 እንደሚሄድ አድርጌ ጽፌያቸዋለሁ። u የት ተነሥቶ የት እንደሚደርስ የሚነግረን ራሱ የመረጥነው እኩልታ ነው፤ x = 0 ሲሆን u = 1፣ x = 2 ሲሆን u = 9።

(1/4)∫₁⁹ √u du = (1/6)(27 − 1) = 13/3

ወደ 4.33 ገደማ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ du ከመጻፌ በፊት ሁለቱን ወሰኖች ኅዳጉ ላይ «x = 0 → u = 1» እያልኩ አሰፍራለሁ። ወደ x ተመልሶ በድሮዎቹ ወሰኖች ማስላትም ትክክል ነው፤ ግን አንዱን መንገድ መያዝ እንጂ ሁለቱን መቀላቀል አይቻልም። እግረ መንገዴን u = √(1+2x²) ብዬም ሞከርኩት። u² = 1+2x² ስለሆነ u du = 2x dx ይሆናል፤ ወሰኖቹ 1 እና 3 ሆኑ፣ መልሱ ያው 13/3። ወሰኖቹ የምርጫው ተከታይ መሆናቸው የገባኝ ያኔ ነው።

በሁለተኛው ሳምንት የምልክት ጣጣ መጣ። ∫₀¹ x√(1−x²) dx ላይ u = 1−x² ስንል x dx = −du/2 ይሆናል፤ x ከ0 ወደ 1 ሲሄድ u ከ1 ወደ 0 ይወርዳል። ትልቁ ቁጥር ከታች መሆኑ ዓይኔን ስለቆረቆረው «አስተካክዬ» 0ን ከታች፣ 1ን ከላይ ጻፍኩ፤ −1/2ን ግን እንዳለ ተውኩት። መልሴ −1/3 ወጣ። ፈንክሽኑ ከ0 እስከ 1 አንድም ቦታ ከዜሮ በታች ሳይወርድ ኢንተግራሉ እንዴት ነጋቲቭ ይሆናል? የታችኛው ወሰን የሚባለው የ x መነሻ የሰጠን ቁጥር ነው፤ ትልቅነቱ ጉዳይ አይደለም። ወሰኖቹን መገልበጥ ካማረን ምልክቱንም አብረን መቀየር አለብን፤ ያኔ 1/3 ይመጣል።

ሦስተኛው ሳምንት ላይ የገጠመኝ ግን ወሰኑን በትክክል ቀይሬም የተሸነፍኩበት ነው።

∫₀^π cos²x dx

u = sin x፣ du = cos x dx አልኩ። አንድ cos x ስለቀረኝ √(1−u²) ብዬ ጻፍኩት። ወሰኖቹስ? sin 0 = 0፣ sin π = 0። ከ0 እስከ 0 ያለ ኢንተግራል ዜሮ ነው። cos²x ግን ከ π/2 በስተቀር በመንገዱ ሁሉ ከዜሮ በላይ ነው! ትክክለኛው መልስ π/2 ነው።

ሁለት ምሽት ፈጀብኝ። ጥፋቱ የተደበቀው በሥሩ ምልክት ውስጥ ነበር። √(1−u²) መቼም ነጋቲቭ አይሆንም፤ cos x ግን ከ π/2 እስከ π ነጋቲቭ ነው። በዚያኛው ግማሽ መጻፍ የነበረብኝ −√(1−u²) ነው። ስለዚህ ጥያቄው π/2 ላይ ይቆረጣል። በመጀመሪያው ክፍል u ከ0 ወደ 1 ይወጣል፤ ኢንተግራሉ የክብ ሩብ ስፋት ነው፣ π/4። በሁለተኛው u ከ1 ወደ 0 ይመለሳል፤ ከፊቱ ነጋቲቭ ምልክት አለ፣ ወሰኑም የተገለበጠ ነው፣ ሁለቱ ተጣፍተው ሌላ π/4 ይሰጣሉ።

ከዚህ በኋላ ፈርቼ u ሄዶ በሚመለስበት ቦታ ሁሉ መቁረጥ ጀመርኩ። ያም ከልክ ያለፈ ጥንቃቄ ነበር። ትናንት ማታ ∫₋₁² x e^(x²) dx ደረሰኝ። u = x² ከ1 ተነሥቶ ወደ 0 ይወርድና ወደ 4 ይወጣል። እዚህ ግን x dx እንዳለ du/2 ሆነ፤ የቀረ x ስለሌለ በሥር ምልክት የምገልጸው ነገርም የለም። ሳልቆርጥ (1/2)∫₁⁴ eᵘ du = (e⁴ − e)/2፣ ወደ 25.9 ገደማ። ቆርጬም አረጋገጥኩ፤ u ከ1 ወደ 0 የወረደበትና ከ0 ወደ 1 የተመለሰበት ይጣፋሉ። በ x በኩልም ከ −1 እስከ 0 ያለው ነጋቲቭ ስፋት ከ0 እስከ 1 ካለው ፖዘቲቭ ስፋት ጋር እኩል ነው። በዚህ ገጽ ላይ ቀይ ቀለም የለም።