የአባቴ የጠዋት ግፊት

እሑድ ማታ ደሴ ቤቴ ተቀምጬ ሳለ አባቴ የደም ግፊቱን የሚመዘግብበትን መተግበሪያ ስክሪንሾት ከኮምቦልቻ በቴሌግራም ላከልኝ። ከላይ በትልቁ የሳምንቱ አማካይ 135 ተብሎ ተጽፏል፤ ከሥሩ እሱ «ደህና ነኝ አይደል?» ብሎ ጨምሮበታል። ቤት ውስጥ ለሚለካ ግፊት ከፍተኛ ማለት የሚጀመረው ከ135/85 ስለሆነ፣ በድንበሩ ላይ የቆመው ቁጥር አላሳመነኝምና ዝርዝሩን ወረቀት ላይ ገለበጥሁት። የላይኛውን ቁጥር ብቻ ያዝሁ። የሰኞው ልኬት የለበትም፤ የመጀመሪያው ቀን ሰው መሣሪያውን እስኪለምድ ከፍ ሊል ስለሚችል እንዲያጠፋው አስቀድሜ ነግሬው ነበር።

ከማክሰኞ እስከ እሑድ ያሉት ጠዋቶች 148፣ 144፣ 151፣ 146፣ 143 እና 150 ናቸው፤ ድምራቸው 882፣ ለስድስት ሲካፈል 147። የምሽቶቹ ግን አሥራ ሁለት ናቸው። ጠዋት አባቴ ለብቻው አንዴ ይለካል፤ ማታ ግን የልጅ ልጁ አጠገቡ ሆና በአንድ ደቂቃ ልዩነት ሁለቴ ትለካዋለች። የምሽቶቹ ድምር 1,548፣ አማካያቸው 129 ነው። መተግበሪያው አሥራ ስምንቱንም በአንድነት ደምሮ ስላካፈለ ምሽቱ የጠዋቱን እጥፍ ክብደት አገኘ፤ ሁለቱን አማካዮች በእኩል ብንወስድ ውጤቱ 138 ነው። ከሦስቱ ነጥብ ይልቅ ያሳሰበኝ ግን በጠዋትና በማታ መካከል ያለው የ18 ልዩነት ነው።

መጀመሪያ የጠረጠርሁት እርምጃውን ነበር። የጠዋቱ ሰዓት 6:10 AM ይላል፣ በእኛ 12 ሰዓት ከአሥር፤ ይህም ከሱብሂ ሶላት ዳገቱን ወጥቶ ቤት የሚገባበት ሰዓት ነው። ሳያርፍ ከለካ ግፊቱ ከፍ ማለቱ አይቀርም፤ የልብ ምቱም በእነዚያ ቀናት 88 አካባቢ ነው። ቅዳሜ ግን ዝናብ ስለነበረ ቤት ሰገደ፣ ምቱም 74 ሆነ፤ ግፊቱ ከሳምንቱ ጠዋቶች ሁሉ ዝቅ ቢልም 143 ነው። እርምጃው ጥቂት ጨምሮ ይሆናል እንጂ ሁሉንም አያስረዳም። ክኒኑን የሚውጠው ከቁርስ በኋላ በመሆኑ የጠዋቱ ልኬት ያለፈው ቀን መድኃኒት ኃይሉ በሚደክምበት ሰዓት ላይ ይወድቃል፤ እንዲህ ያለው የጠዋት ከፍታ ደግሞ ሐኪም ሊያየው የሚገባ ነው። በእርግጥ አንድ ቅዳሜ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

ደውዬ ስነግረው «እንግዲያው ክኒኑን ማታ ልዋጠው?» አለኝ። «የለም አባዬ፣ ሐኪሙ የጠዋቱንና የማታውን ለየብቻ ሳያይ ምንም አትቀይር» አልሁት። በሚቀጥለው ሳምንት ጠዋትም ሁለቴ ሊለካ ተስማማ። ከመስጊድ ሲመለስ አስቀድሞ አምስት ደቂቃ እንዲቀመጥ ማግባባቱ ግን ረጅም ክርክር ጠየቀ፤ ቡናው እየቀዘቀዘበት እንዴት ይቀመጣል!